«ራሱ» የማን ራስ ነው?

«እሱ» የምትለዋን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምንጠራት ማንም አይቆጥርም። ቃል ናት ብሎ የሚያስባትም የለም። ግን አጥብቃችሁ ካያችኋት ውስጧ ራስ አለ። አንገት ላይ ያለው፣ የሚያመን፣ ጸጉር የሚበቅልበት ራስ። «እሱ መጣ» ስንል በድሮው አነጋገር «ራሱ መጣ» እያልን ነው።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ቃላት ፍቺ መለወጥ ነው። በሥነ ልሳን መጻሕፍት አራት የለውጥ ዓይነቶች ይጠቀሳሉ። ፍቺ ይሰፋል፣ ይጠብባል፣ ይከብራል፣ ይዋረዳል። ከእነሱ ጎን ደግሞ ሁለት ዘይቤዎች ይነሳሉ፦ ተለዋጭ ዘይቤና ምትክ ዘይቤ። ብዙ ጊዜ ስድስቱም እኩል ተደርድረው፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ምሳሌ ተሰጥቶ ይታለፋሉ። እኔን የማይዋጥልኝ ይሄ ነው። አራቱ የሚነግሩን ቃሉ የት እንደደረሰ ነው። ሁለቱ የሚነግሩን ደግሞ በምን እንደሄደ ነው። መድረሻንና መንገድን አንድ ላይ መደርደር ነገሩን ያደበዝዘዋል።

ስለዚህ ብዙ ቃል ከመደርደር አንድ ቃል ይዤ መከተል መረጥኩ። ቃሉ «ራስ» ነው።

ከዘመዶቹ እንጀምር። ግዕዝ «ርእስ» ይላል። ትግርኛ «ርእሲ»፣ ዐረብኛ «ረእስ»፣ ዕብራይስጥ «ሮሽ»፣ የጥንቱ አካድኛ «ሬሹ»። ሁሉም ዘንድ መነሻው ያ የሰውነት ክፍል ነው። እንዲህ ብዙ እኅት ቋንቋዎች አንድ ላይ ሲመሰክሩ የድሮው ፍቺ የቱ እንደሆነ መጠራጠር ይከብዳል። ቃሉ ከአንገት በላይ ያለው ነገር ነበር። ከዚያ ተነስቶ ነው የተበተነው።

የመጀመሪያውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ራስ ከሰውነት በላይ ነው፣ ደግሞም የሚመራው እሱ ነው። ከሌላው በላይ የሆነውንና የሚመራውን ሁሉ በራስ መጥራት ስለዚህ ይቀናል። ርእሰ ብሔር፣ ርእሰ ከተማ፣ ርእሰ መምህር፣ የጽሑፍ ርእስ፣ የአልጋ ራስጌ። አገር አንገት የለውም፣ ጽሑፍም ጸጉር አያበቅልም። ሁለቱን ያገናኘው መመሳሰል ነው። ይህ ተለዋጭ ዘይቤ ነው። ራስጌን ካነሳሁ አይቀር ግርጌንም ልጨምር። «እግር» ላይ ያችው «ጌ» ተቀጥላ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የነበረችው «እ» ወድቃለች።

ማዕረጉ «ራስ»ም በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። ግን እዚህ ጋ መድረሻው ሁለት ሆነ። በአንድ በኩል ጠበበ፤ ሰው ሁሉ ራስ አለው፣ «ራስ» የሚባሉት ግን ጥቂቶች ነበሩ። በሌላ በኩል ከበረ። አንድ እርምጃ ተራመደና መጥበብም መክበርም አንድ ላይ ደረሱበት። አራቱ ስሞች አንዱ ሌላውን እንደማያስወጣ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

አካድኛ ዘንድ ደግሞ ይሄው ቃል ወደ ተቃራኒው ወረደ። «ሬሹ» ከራስ ሌላ ባሪያ ማለትም ነበር። ሰው እንደ ዕቃ ሲሸጥና ሲለወጥ የሚቆጠረው በራስ ነው። ከብትን ስንቆጥር «ይህን ያህል ራስ» እንደማለት። ራሱ የሰውየው አካል ስለሆነ ሰውየውን ተክቶ ቆመ። ይህ መመሳሰል አይደለም። ባሪያ ራስን አይመስልም፣ ራስ አለው እንጂ። አብሮ ከመኖር የሚነሳ መተካካት ምትክ ዘይቤ ይባላል። አንድ ሥር አንዱ ቋንቋ ውስጥ መስፍን አፈራ፣ ሌላው ውስጥ ባሪያ። ልዩነቱን ያመጣው መንገዱ ነው፦ አንዱ ራስን ከላይ መሆኑን አይቶ ወሰደው፣ ሌላው መቆጠሪያ መሆኑን አይቶ።

ሁለቱን ዘይቤዎች ለመለየት እኔ የምጠቀመው ጥያቄ ቀላል ነው። ሁለቱ ነገሮች ይመሳሰላሉ ወይስ አብረው ይገኛሉ? ከተመሳሰሉ ተለዋጭ፣ አብረው ከተገኙ ምትክ። አንዳንዴ ሁለቱም ልክ ይመስላል። የጦር መሪ ከፊት ስለሚገኝ ነው ራስ የተባለው ወይስ ራስን ስለሚመስል? እንዲህ ሲሆን አንዱን በግድ መምረጥ አያስፈልግም። ተናጋሪዎቹም አልመረጡም።

አሁን ወደ «እሱ» ልመለስ፤ ለእኔ የዚህ ቃል ትልቁ ታሪክ እዚያ ነው።

መጀመሪያ ራስ ሰውየውን ተክቶ ቆመ አልን። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ «የገዛ አካሌ፣ የገዛ ማንነቴ» ወደ ማለት ሄደ። በግዕዝ «ርእሰከ» ማለት «ራስህን» ማለትም ይሆናል። በአማርኛ ዛሬም «ራሱን ወቀሰ»፣ «ራሱን ቻለ»፣ «ራሱን ጎዳ» እንላለን። እነዚህ ውስጥ የራስ ቅል ማንም አይታየውም።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ባስክኛ «ቡሩ» ራስ ነው፤ «ቤሬ ቡሩዋ» ሲሉ ቃል በቃል «የእሱ ራስ» ነው፣ ፍቺው «ራሱን»። ሃውሳኛ «ካይ» ራስ ነው፤ «ካንሳ» ራሱ። ጆርጂያኛ «ታቪ» ራስ ነው፣ ማንነትም ነው። አፍሪካ፣ አውሮፓና ካውካሰስ ላይ የሚነገሩ ሦስት የማይዛመዱ ቋንቋዎች ናቸው። ሳይነጋገሩ አንድ መንገድ መረጡ። ትግርኛ ደግሞ ለዚሁ ሥራ ነፍስን ወሰደ። ነገሩ ውስጥ አንድ የማልሰለቸው ነገር አለ፦ መንገዱ ስንት እንደሆነ ስታዩ ጥቂት ነው። ማንነትን ለመጥራት ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ራስን፣ ነፍስን፣ አካልን፣ አጥንትን ነው። የዕብራይስጡ «ራሴ» የመጣው ከአጥንት ነው። ክርንን ለዚህ ሥራ የወሰደ ቋንቋ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

ከ«ራሱን» ወደ «እሱ» ያለው እርምጃ ግን ይበልጥ ይገርማል። ምክንያቱም «ራሱ» ጠንካራ ቃል ነው። «ራሱ መጣ» ስንል ሌላ ሰው አልላከም፣ ባለቤቱ በአካል መጣ ማለታችን ነው። «እሱ» ደግሞ ከቃል ሁሉ የደከመ ነው። ሰውየው አስቀድሞ ስለታወቀ ብቻ ነው የምንጠራው። ጠንካራው እንዴት ደካማ ሆነ?

በመደጋገም። ንግግርን ማጠንከር ሁሉም ይወዳል። «ንጉሡ ራሱ መጣ» ማለት የሚያስፈልገው ሌላ ሰው ይጠበቅ ከነበረ ነው። ግን ተናጋሪ ነገሩን ከፍ ለማድረግ ሲል ባያስፈልግም «ራሱ» ይላል። ሰሚ ደግሞ ሞኝ አይደለም። ቃሉ በየቦታው ሲመጣ ካየ ማጠንከሪያነቱን መቁጠር ይተዋል። ከዚያ ወዲያ «ራሱ መጣ» ማለት «ያ የምናውቀው ሰው መጣ» ማለት ብቻ ይሆናል። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ አንትዋን ሜዬ እንዲህ ያለውን፣ ሙሉ ቃል ወደ ሰዋስው አገልጋይነት የሚወርድበትን ጉዞ፣ በ1912 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ስም ሰጥቶት ነበር። እሱም የማጠንከሪያ ቃላትን ድካም አይቶት ነበር።

የቅርጹን ጉዞ መከተል ይቻላል። «ርእሱ» አለ። ከዚያ ድምፆቹ ቦታ ተለዋወጡና «እርሱ» ሆነ። «እርሱ» ዛሬም አለ፤ ጠንቀቅ ብሎ የሚጽፍ ሰው ይጽፈዋል። ከዚያ «ር» ወደቀች፣ «እሱ» ቀረ። የወደቀችው «ር» ግን ዱካ ትታለች። «እሱ»ን ድምፃችሁን አውጥታችሁ በሉት። «ሱ» ጠበቅ ብላ ነው የምትወጣው። መጥበቋ በከንቱ አይደለም፤ «ር»ን ውጣ ነው። ትግርኛ ላይም እንዲሁ ነው። «ነፍሱ» የነበረው «ንሱ» ሆነ፣ «ስ» ጠበቀች፣ «ፍ» ተዋጠች። ትግርኛ እንዲያውም ከእኛ ርቆ ሄዷል፤ «አንተ»ንም በዚሁ ቀይሮ «ንስኻ» ይላል፣ የድሮው ፍቺ «ነፍስህ»። አማርኛ «አንተ»ን ሳይነካ ቀረ። የነካው አክብሮቱን ነው። «እርስዎ» የሚለውን ስንጠራ «ራስዎ» እያልን ነው። «እሳቸው»ም «እርሳቸው» ነው፣ እሱም «ራሳቸው»።

የሐሰት ተረት ከእውነተኛ ታሪክ የሚለየው እንዲህ ባለው ነገር ነው። ሁለት ቃላት ስለተመሳሰሉ ብቻ ዝምድና የሚያወጣላቸው ሰው ብዙ ነው። እኔ ሦስት ነገር እፈልጋለሁ። መካከለኛው ቅርጽ ይታያል? የድምፅ ለውጡ ምክንያት አለው? የፍቺው እርምጃ ሌላ ቦታ ደግሞ ተደርጓል? «እሱ» ሦስቱንም ያልፋል፦ «እርሱ» በሕይወት አለ፣ መጥበቋ ትመሰክራለች፣ ትግርኛ ጎን ለጎን ሄዷል። የሚጎድለን አንድ ነገር ነው። አማርኛ ተጽፎ የምናገኘው ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው፣ እሱም መጀመሪያ ላይ በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ጠንካራው «ራሱ» ሲደክም በዓይን ማየት አይቻልም። የምናየው ውጤቱን ነው።

ፍቺው ሰፍቶ ማለቁን የምናውቅበት መንገድም አለ። ራስ የሌለው ነገር ላይ መዋል ሲጀምር ነው። «ቤቱ ራሱ ፈረሰ።» «ዝናቡ ዘነበ፣ እሱ ነው ያበላሸው።» ቤት ራስ የለውም፣ ዝናብም የለውም። እዚህ ሲደርስ ቃሉ ከሰውነት ጋር ያለውን ገመድ በጥሷል። ፍቺ ሰፋ ማለት የምትይዘው ነገር በዛ ማለት ነው። የምትናገረው ግን ያንኑ ያህል ቀነሰ።

ከዚያ ምን ሆነ? «እሱ» ደካማ ሲሆን «ባለቤቱ በአካል» የሚል ቃል ጎደለ። አማርኛ ምን አደረገ? ያንኑ ራስ ደግሞ አመጣው። «እሱ ራሱ መጣ።» ፊደሉን ተከትላችሁ ብትመልሱት «ራሱ ራሱ መጣ» ነው። አንድ ቃል በሁለት ዕድሜው ጎን ለጎን ቆሟል፣ አንዱ አርጅቶ፣ አንዱ ገና ጎልምሶ። ጆርጂያኛም ይህንኑ ሠርቷል። «ታቪሲ ታቪ» የሚለው «የገዛ ራሱ» ማለት ነው፤ ሁለቱም ቃል ውስጥ ያው «ታቪ» አለ።

እዚህ ድረስ ያለው ያለፈ ታሪክ ነው። የሚቀጥለው ግን አሁን፣ አፋችን ላይ እየሆነ ያለ ነው።

አንድ ዘመዴ ልጇን ስታርም ሰማሁ። ልጅቷ ስለ አንድ የትምህርት ጥያቄ «እኔ ራሱ አልገባኝም፣ እማዬ» አለች። እናት ወዲያው ቀበል አደረገቻት። «ራሴ በይ እንጂ! ራሱ የማን ራስ ነው?»

ጥያቄዋ ልክ ነው። «እኔ» ካልን «ራሴ» ነው የሚከተለው። «አንቺ ራስሽ»፣ «እሷ ራሷ»፣ «እኛ ራሳችን»። ልጅቷ ግን አልተሳሳተችም ብዬ አምናለሁ። ሌላ ቃል ነው የተናገረችው።

ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። «እኔ ራሴ ሄጄ አየሁት።» «እኔ ራሱ አላየሁትም።» የመጀመሪያው ሌላ ሰው አልላክሁም፣ በዓይኔ ነው ያየሁት ይላል። ሁለተኛው እንዲያ አይልም። «እኔም ብሆን፣ ያያል ተብዬ የምጠበቀው እንኳ፣ አላየሁም» ነው የሚለው። የመጀመሪያውን በ«በአካል» ልትተኩት ትችላላችሁ፣ ሁለተኛውን አትችሉም። ሁለተኛውን በ«እንኳ» ልትተኩት ትችላላችሁ፣ የመጀመሪያውን አትችሉም። ፍቺያቸው ተለያይቷል።

ቅርጻቸውም ተለያይቷል፤ ዋናው ማስረጃ ይሄ ነው። በ«እንኳ» ፍቺ የሚመጣው «ራሱ» በሰው፣ በጾታና በቁጥር አይረባም። «እኔ ራሱ»፣ «እሷ ራሱ»፣ «እነሱ ራሱ»። በ«ሱ» ላይ ቆሟል። ከዚያም ስሙን ትቶ ሌላ ነገር ላይ ይወጣል። «አሁን ራሱ እየዘነበ ነው።» «ብትለምነኝ ራሱ አልሄድም።» በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «ሱ» የምታመለክተው ወንድም ሴትም ነገርም የለም። የተሰቀለችው ግሥ ላይ ነው። ዘመዴ «የማን ራስ ነው?» ብትል መልሱ «የማንም» ነው። ቃሉ ባለቤት አያስፈልገውም፣ እንደ «እንኳ» አገልጋይ ሆኗልና።

ከ«ራሱ» ወደ «እንኳ» ያለው መንገድ ምንድን ነው? ድልድዩን ማየት ይቻላል። «ሐኪሙ ራሱ አላወቀውም» የሚለውን ውሰዱ። ድሮም አሁንም ትክክል ነው። ላይ ላዩን «ባለቤቱ፣ ሐኪሙ በአካል» ነው የሚለው። ግን ሐኪም ያውቃል ተብሎ ይጠበቃል። ሰሚው ይህን ስለሚያውቅ «ሐኪም እንኳ ካላወቀው ሌላው እንዴት ያውቃል» የሚለውን ከራሱ ይጨምርበታል። ተናጋሪው ያላለው፣ ሰሚው የጨመረው ነገር ነው። ሁለቱ ፍቺዎች እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አብረው ይኖራሉ። አንዱን ከአንዱ ለመለየት የሚያስገድድ ነገር የለም። ልጅ ሆኖ ይህን ደጋግሞ የሚሰማ ሰው የተጨመረውን ዋና ፍቺ አድርጎ ሊወስድ ይችላል። ከወሰደ ደግሞ «እኔ ራሱ» ለማለት የሚከለክለው የለም።

ይህም ምትክ ዘይቤ ነው። እርግጥ እንደ ራስና እንደ ሰውየው በዓይን የሚታዩ ሁለት ነገሮች አይደሉም። አብረው የተገኙት ሁለት ሐሳቦች ናቸው። አንዱ ሌላውን እያስከተለ ሲኖር ቆይቶ ተከታዩ የመሪውን ቦታ ወሰደ። እኔ እንደማየው የፍቺ ለውጥ አብዛኛው ሥራ እንዲህ ባለው ጸጥ ያለ መተካካት ነው የሚሠራው። ተለዋጭ ዘይቤ ይታያል፣ ይደነቃል፣ ግጥም ውስጥ ይገባል። ምትክ ዘይቤ ግን ማንም ሳያየው ያልፋል።

ሌሎችም ይህን አድርገዋል። ጀርመንኛ «ዘልብስት» ራሱ ማለት ነው፤ ከስሙ በፊት ሲመጣ «እንኳ» ይሆናል። ፈረንሳይኛ «ሜም» እንዲሁ፦ «ሉዊ ሜም» እሱ ራሱ፣ «ሜም ሉዊ» እሱ እንኳ። እነሱ በቦታ ይለዩታል። እኛ በእርባታ እየለየነው ነው፦ ከረባ «በአካል»፣ ካልረባ «እንኳ»። ልጅቷን የሚያርሟት ሰዎች ይህን ልዩነት እንዲጠፋ ነው የሚጠይቋት። ለመደበኛ ጽሑፍ «ራሴ» ትጻፍ፣ በዚህ እስማማለሁ። «ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ራሱ ማለት የእሱ ራስ ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም። በዚያ መለኪያ «እሱ» ማለትም ሊቀር ነው።

ከአካድኛው «ሬሹ» ሌላ የተዋረደ ቃል እንዳላየን አውቃለሁ፤ «ራስ» በአማርኛ ብዙም አልተዋረደም። ስለዚህ ለዚህ ለአንዱ ብቻ ሌላ ቃል ልዋስ፦ «የዋህ»። በግዕዝ የዋህ ማለት ገር፣ ትሑት፣ ክፋት የሌለበት ነው። ዛሬም «የዋህ ልብ» ስንል ያ ፍቺ አለ። ግን «አንተ ደግሞ የዋህ ነህ!» የተባለ ሰው ደስ አይለውም። በቀላሉ ትታለላለህ መባሉን ያውቃል። ድልድዩ እንደ ሐኪሙ ዓረፍተ ነገር ነው። «የዋህ ስለሆነ አታለሉት» ስንል ደግነቱና መታለሉ አብረው ይመጣሉ። ክፋት የሌለበት ሰው በሌላው ላይ ክፋት አይጠረጥርም፣ ስለዚህ ይታለላል። የተከተለው ነገር ቀስ በቀስ ዋና ፍቺ ይሆናል። እንግሊዝኛ «ሲሊ» በጥንቱ ቅርጹ ብሩክ፣ ደስተኛ ማለት ነበር፤ ከዚያ ንጹሕ፣ ከዚያ የሚያሳዝን፣ ዛሬ ጅል። ፈረንሳይኛ «ቤኔ» «የተባረከ» ከሚለው መጥቶ ቂል ማለት ሆኗል። የደግነት ቃል ደጋግሞ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ መግባቱ ያሳዝነኛል፣ እውነቴን ነው። ያዋረደው ግን የቃሉ ተፈጥሮ አይደለም። ደግ ሰው የሚገጥመው ነገር ነው።

ወደ ራስ ልመለስ፣ አንድ የቀረ ነገር አለ። ቃሉ ወደ ሹመት፣ ወደ ማንነት፣ ወደ «እንኳ» ሲበተን አንገት ላይ ያለውን ማን ይጠራው?

ላቲን ላይ የሆነውን እንይ። «ካፑት» ራስ ነበር። ከላቲን የወጣው ፈረንሳይኛ «ሼፍ» አለው፣ ግን ዛሬ ሼፍ አለቃ ነው፣ የማዕድ ቤት አለቃም ነው። ሰውነት ላይ ያለውን ራስ «ቴት» ይሉታል። ቴት የመጣው «ቴስታ» ከሚል የላቲን ቃል ነው፣ ፍቺውም የሸክላ ዕቃ፣ ገል። የሆነ ጊዜ ላይ ሰዎች ራስን በቀልድ «ገል» እያሉ መጥራት ጀመሩ። ቀልዱ ቀረ፣ ቃሉ ግን ሥራውን ያዘ። ጀርመንኛም «ሀውፕት» የሚለውን ወደ ሹመት ልኮ ራስን «ኮፕፍ» ይላል፤ ይሄም ጥንት ጽዋ ነበር። እኛም «የራስ ቅል» ስንል ዕቃ የሚሠራበትን ቅል ነው የምንጠራው፣ ባዶ፣ ክብ፣ ጠንካራ። በሦስት ቦታ ያው መመሳሰል ታየ።

ፈረንሳይኛ የድሮውን ፈጽሞ አልጣለውም። ባርኔጣ «ኩቭር ሼፍ» ይባላል፣ የራስ መሸፈኛ። እንዲህ ባለ የተጣበቀ ስም ውስጥ የድሮ ፍቺ ከአደጋ ይተርፋል። የእኛ «ራስ ምታት» እንዲህ ሊሆን የሚችል ይመስለኛል።

ምክንያቱም አማርኛም ያንን መንገድ እየጀመረው ነው። «ራሱን መታ» ብላችሁ ለሰው ንገሩት። ምኑን? ጭንቅላቱን ወይስ የገዛ አካሉን? አይታወቅም። «ራሱን አየ»፣ «ራሱን ያዘ» እንዲሁ ናቸው። ማንነቱ በሰፋ ቁጥር የአካሉን ፍቺ ያጨናንቀዋል። ስለዚህ ተናጋሪ እንዳይምታታበት «ጭንቅላቱን መታ» ይላል። በዙሪያዬ ያሉ ወጣቶች «ራሴን አመመኝ» ከሚሉ «ጭንቅላቴን አመመኝ» ሲሉ እሰማለሁ። ታላላቆቼ ግን ዛሬም ራሳቸውን ነው የሚያማቸው። ይህ የጆሮዬ ምስክርነት ነው፣ ጥናት አይደለም። ማጣራት የሚፈልግ ሰው ግን ቀላል ነገር ነው። የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ሰዎች የራስ ምታት ታሪክ አስወርቶ የቱን ቃል እንደሚያነሱ ማዳመጥ ነው። በቀጥታ «የቱን ትላለህ?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም፤ ሰው የሚመልሰው ልክ ነው የሚለውን እንጂ የሚናገረውን አይደለም።

«ጭንቅላት»ም ቢሆን ቦታው ላይ ተረጋግቶ አልተቀመጠም። «ይቺ ልጅ ጭንቅላት አላት» ስንል ሁሉም ሰው ያለውን ነገር አላት ማለታችን አይደለም። ዕቃው ይዘቱን ተክቷል፣ ጭንቅላት አእምሮ ሆኗል። ያው ምትክ ዘይቤ አዲስ ቃል ላይ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው።

ለ«ራሱ» ግን አንድ የሚጠበቅ ምልክት አለ። «እሱ» ከ«ርእሱ» ሲወጣ ድምፁም ተቀንሶ ነበር። «እንኳ» የሆነው «ራሱ» ገና ሙሉ ድምፁን እንደያዘ ነው፣ የተለየው በእርባታው ብቻ ነው። ፈጥነው ሲናገሩት ግን ከፊቱ ካለው ቃል ጋር ተጣብቆና ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ ጠንካራው «ራሴ» ጎልቶ እንደሚወጣው አይወጣም። ደግሞ ከ«እንኳ» ጋር ሙሉ በሙሉ አልተካከለም። አንዱ «አልገባኝም» ሲል ሌላው «እኔ ራሱ» ብሎ ይመልሳል፣ «እኔም» ለማለት። እዚያ ቦታ ላይ «እኔ እንኳ» አይሆንም። ስለዚህ ቃሉ «እንኳ»ን ብቻ ሳይሆን «ም»ንም እየተሻማ ነው፣ የትኛውን ቦታ ይዞ እንደሚቀር ግን ገና አልለየም።